ጉንፋኑ አልፎ ሳልና ድካሙ ሲቀር፦ የትኛው የማገገም ወግ ነው፣ የትኛውስ ያስመረምራል?

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች የጥቅምት ውርጭ መሬት ላይ ሲነጣ አብሮ የሚሰማው ድምፅ ሳል ነው። ኢንፍሉዌንዛ፣ በተለምዶ «ከባድ ጉንፋን» የምንለው፣ አንድ ቤት ገብቶ ሁሉንም በየተራ ካስተኛ በኋላ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ሳሉና ድካሙ ግን ከቤቱ ሳይወጡ ሦስተኛውን፣ አንዳንዴም ስድስተኛውን ሳምንት ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ «ከጉንፋን በኋላ የሚቀር ሳል እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ አትጨነቅ» ይላል። ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ «ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው አክታ ሰጥቶ ይመርመር» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ሰውነት የመዳን ፍጥነት የሚናገር ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት አገር ሊያመልጠን ስለማይገባ ነገር ይናገራል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለቱን እንዴት አጣጥሞ መያዝ እንደሚቻል ማሳየት ነው፤ ለዚህም ከቀኑ ቁጥር ይልቅ ሕመሙ ወደየት እያመራ እንደሆነ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሐሳቡ ግልጽ እንዲሆን የአንዲት መምህርትን ሁኔታ ከመጀመሪያው ቀን አንሥተን እንከተል። ታሪኩ ከብዙ ሰዎች ገጠመኝ ተጣምሮ የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀች ሰው ታሪክ አይደለም። መምህርቷ አርባ ዓመት የሆናት፣ በደብረ ብርሃን ዳርቻ የምትኖር፣ ከዚህ በፊት አስምም ሆነ የልብ ሕመም የሌለባት ሴት ናት። ጥቅምት 18 ከሰዓት በኋላ ድንገት በረዳት፤ ማታ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ተከተሉ። እንዲህ በሰዓታት ውስጥ ድንገት መጣሉ ኢንፍሉዌንዛን ከተራው ጉንፋን የሚለይበት አንዱ ጠባይ ነው፤ ተራው ጉንፋን በጉሮሮ መከርከርና በንፍጥ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ትኩሳቷ እስከ ጥቅምት 22 ቆየ፤ ይህም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከሚሆነው ከተለመደው ጊዜ አልወጣም። ጥቅምት 26 ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሳሉ ግን ነበረ፤ በተለይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታስተምር፣ ስትስቅና ማታ ጋደም ስትል ይነሣባታል።

እዚህ ላይ ቫይረሱ ከሄደ ሳሉ ለምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ብዙ አላስፈላጊ መድኃኒት የሚወሰደው ይህ ባለመታወቁ ነውና። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጠኛ ገጽ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ያለማቋረጥ ወደ ላይ እየቀዘፉ አቧራውንና አክታውን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚራባው ራሳቸው እነዚህ ፀጉሮች በበቀሉባቸው ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ ሲጨርስ ሕዋሳቱ ሞተው ይረግፋሉ። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲለቅ የቧንቧው ገጽ ቆዳው እንደተላጠ ጉልበት ነው። ከሥሩ ያሉት ሳል የሚቀሰቅሱ ነርቮች ተጋልጠዋል፤ ቀድሞ የማይሰማቸውን ቀዝቃዛ አየር፣ የበርበሬ ሽታ፣ የኖራ ብናኝ አሁን እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። ጠራጊው ፀጉርም ስለሌለ የሚጠራቀመውን አክታ ለማውጣት ያለው መንገድ ሳል ብቻ ነው። አዲሱ ገጽ መብቀል የሚጀምረው በቀናት ውስጥ ቢሆንም ሥራውን በሚገባ የሚያከናውን ፀጉር እስኪያወጣ ሳምንታት ይወስዳል፤ የነርቮቹ መቆጣት ደግሞ ገጹ ከዳነም በኋላ ሊዘገይ ይችላል። ሐኪሞች ከሦስት ሳምንት በታች የሆነውን ሳል አጣዳፊ፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለውን መካከለኛ፣ ከስምንት ሳምንት ያለፈውን ሥር የሰደደ ብለው የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከጉንፋን በኋላ የሚቀረው ሳል የሚመደበው በመካከለኛው ውስጥ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። በዚህ ደረጃ የሚገደል ጀርም ስለሌለ አንቲባዮቲክ ሳሉን አያሳጥረውም። የአክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆንም ብቻውን ባክቴሪያ ገብቷል ማለት አይደለም፤ ቀለሙ የሚመጣው ቁስሉን ለማጽዳት ከተሰበሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። መምህርቷ ግን እንደ ብዙዎቻችን በአሥረኛው ቀን መድኃኒት ቤት ገብታ አሞክሲሲሊን ገዛች፤ ሦስት ቀን ውጣ «ትንሽ ተሻለኝ» ብላ ተወችው። የተሻላት መድኃኒቱን ባትወስድም በሚሻላት ጊዜ ነበር።

ኅዳር 2 ከጀመራት አሥራ አምስተኛ ቀኗ ነበር። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትስል ሰምታ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነገረቻት። መምህርቷ ደነገጠች፤ ትንሽም ቅር አላት። «ቲቢ አለብሽ ማለቷ ነው?» ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው። እንዲያ ማለቷ አልነበረም። በኢትዮጵያ አሠራር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ ለቲቢ ይመረመራል፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ ሳሉ ስንት ቀን ቆየ ሳይባል ይመረመራል። መስፈርቱ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተቀመጠ ወንፊት ነው፤ ከሚመረመሩት አብዛኞቹ ነፃ ይሆናሉ። ጉንፋን ነው እያሉ ሳምንታት ማሳለፍ ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት ታሪክ በመሆኑ ግን፣ ወንፊቱ ጠባብ ቢሆን የሚያመልጡት ብዙ ይሆኑ ነበር።

በጤና ጣቢያው የተቀበላት የጤና መኮንን አራት ነገር ጠየቃት፦ ማታ ልብስ የሚያስለውጥ ላብ አለ ወይ፣ ትኩሳት በተለይ ወደ ማታ ይመለሳል ወይ፣ ክብደት ቀንሰዋል ወይ፣ በቤት ውስጥ በቲቢ የታከመ ሰው አለ ወይ። ሁሉንም «የለም» አለች። ከዚያም «ሳሉ ከባለፈው ሳምንት ጋር ሲያስተያዩት እንዴት ነው?» አላት። ቆም ብላ አሰበችና «ባለፈው ሳምንት ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አሁን አንዴ ቢሆን ነው» ብላ መለሰች። እኔ በዚህ ምርመራ ውስጥ ትልቁ መረጃ ይህ መልስ ይመስለኛል። ከጉንፋን በኋላ የሚቀር ሳል ቀጥ ባለ መንገድ ባይወርድም፣ ሳምንት ከሳምንት ሲታይ ይወርዳል። የቲቢ ሳል ግን በአብዛኛው ሳይታወቅ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ደረቁ ወደ አክታ፣ አክታው አንዳንዴ ወደ ደም፣ አብሮትም ሰውየው እየከሳ ይሄዳል። ቀን ለቀን ማስተያየት ያሳስታል፤ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ብቻውን ሁሉን ያበላሻልና። ሳምንት ለሳምንት ማስተያየት ግን አያሳስትም።

ሆኖም የጤና መኮንኑ በመልሷ ተማምኖ አልሸኛትም፤ አክታ እንድትሰጥ አደረገ፤ ትክክልም ነበር። አክታ አሰጣጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የሚፈለገው ከአፍ የሚወጣ ምራቅ ሳይሆን ከደረት የሚመጣ ወፍራም ነገር ነው። የተሻለው ጊዜ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ነው፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው ያኔ ይወጣልና። አፍን በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ከሰው ራቅ ብሎ አየር በሚዘዋወርበት ደጅ መቆም፣ ሁለት ጊዜ በረዥሙ ተንፍሶ በሦስተኛው ከሆድ መሳልና በቀጥታ ወደ ዕቃው መትፋት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ናሙናው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ሲታይ ማሽኑ ራሱ ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ያወጣል፤ መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ ተጉዞ ስለሚመለስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሳሉ ፍጹም ደረቅ ሆኖ አክታ እምቢ ያለው ሰው «የለኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ከመመለስ ያንኑ ለባለሙያው መንገር አለበት፤ የደረት ራጅ ወይም ሌላ መንገድ አለና። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

የመምህርቷ ውጤት ነፃ ሆነ። ነፃ ውጤት ደስ ቢያሰኝም ፋይሉን የሚዘጋ አይደለም። ሳሉ እየወረደ ከሄደ ጉዳዩ ያበቃል፤ ካልወረደ፣ ወይም ላብና ክሳት ከተጨመሩ፣ አንድ ነፃ አክታ ያለው ሰው እንደገና መታየት አለበት።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት በራስ ፈቃድ መውሰድ በተለይ እዚህ ላይ ጉዳት አለው። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት አንቲባዮቲኮች የቲቢን ባክቴሪያ ለጊዜው ያዳክሙታል፤ ታማሚው ጥቂት ቀን የተሻለው መስሎ ይቆያል፤ ምርመራው ይዘገያል። «ለሳል ፍቱን» እየተባለ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ በመሆኑ ተደብቆ ያለ ቲቢ ቢኖር መንገድ ይከፍትለታል። ሁለቱም በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ያልተመረመረ ሳል ላይ ሲፈስሱ ግን ምልክቱን ያጠፉና በሽታውን ይተዋሉ።

ኅዳር 12 ቀን ሌላ ነገር ሆነ። እንደሚታወቀው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ዓለምን ካዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የጉንፋን መታሰቢያ የሆነው ጭስ ከጉንፋን እያገገመ ላለ ቧንቧ ጠላት መሆኑ ትንሽ ያስገርማል። የመምህርቷ ሳል በዚያ ምሽት እንደገና ሌሊት መቀስቀስ ጀመረ፤ «አገረሸብኝ» ብላ ፈራች። ነገር ግን ትኩሳት አልነበራትም፤ ትንፋሿም አላጠራትም፤ ጭሱ ከተነሣ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይህ የነርቭ መቆጣት እንጂ አዲስ በሽታ አይደለም።

የዓመት በዓል ጭስ በአንድ ቀን ያልፋል። የየዕለቱ ጭስ ግን የሰሜን ሸዋ ደጋ ዋና ጉዳይ ነው። እንጨት በማይገኝበት በመንዝና በአካባቢው ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ብርዱም በርና መስኮት ዘግቶ እሳት ዳር መቀመጥን ያስገድዳል። የኩበት ጭስ የሚያገግመውን ገጽ መልሶ መላልሶ ስለሚያቆስል፣ በአራት ሳምንት ሊያልቅ የሚችል ሳል ስምንተኛውን ሊያልፍ ይችላል። መምህርቷ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ የምትጋግረው እንዲህ ባለ ጎጆ ማዕድ ቤት ነበር፤ ሳሏን ስትከታተል ከጋገረች በኋላ ባሉት ሌሊቶች እንደሚብስባት አስተዋለች። ለሦስት ሳምንት ጋገራውን ለእህቷ አስተላልፋ ራሷ ሊጥ ማቡካቱን ወሰደች። ይህን ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለእነሱ ምጣዱን ከደጅ ማውጣት፣ ኩበቱን በሚገባ ማድረቅ፣ የሚስለውን ሰውና ሕፃናትን ከማዕድ ቤቱ ማራቅ የሚቻለው ነው። ጠዋት ውርጭ ውስጥ ሲወጡ አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በፎጣ መሸፈንም አየሩን ሞቅና እርጥብ ስለሚያደርገው ያንን ድንገተኛ የሳል ማዕበል ይቀንሳል። ማር በሞቀ ውሃ ጉሮሮን ያለዝባል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የባክቴሪያ ዘር የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል መርዝ አንጀቱ ውስጥ ሊያመርት ይችላልና።

አሁን ወደ መምህርቷ ታናሽ ወንድም እንሂድ፤ ምክንያቱም የእሱ ሁኔታ ተቃራኒውን ያሳያል። እሱ ከእሷ ሁለት ቀን ዘግይቶ ታመመ፤ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ምግብ መብላት ጀመረ። በሰባተኛው ቀን ለንግድ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። በዘጠነኛው ቀን እዚያው እያለ ብርድ ብርድ ብሎት ትኩሳቱ ከቀድሞው በልጦ ተመለሰ፤ ሲተነፍስ በቀኝ ጎኑ ይወጋው ጀመር፤ አክታውም ዝገት መሰለ። ሸዋ ሮቢት ወባ ያለበት ቆላ በመሆኑ የከበቡት ሁሉ «ወባ ነው» አሉት። ነገር ግን የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ በሽታው ለመታየት ቢያንስ ሰባት ቀን ገደማ፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከደጋ በወረደ በሁለት ቀኑ የመጣ ትኩሳት በዚያ ጉዞ የተያዘ ወባ ሊሆን አይችልም። ደሙ መመርመሩ ተገቢ ነበር፣ ተመረመረም፣ ወባ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ሳንባው ዞረ። በደቂቃ 28 ጊዜ ይተነፍስ ነበር፤ ያረፈ ጤነኛ ጎልማሳ የሚተነፍሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። የሳንባ ምች ነበር፤ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት። ለእህቱ ያልሠራው መድኃኒት ለእሱ የሚያስፈልገው ሆነ።

ሁለት ጉብታ ያለው ይህ አካሄድ፣ ማለትም መታመም፣ መሻል፣ ከዚያ ድንገት መባስ፣ ከጉንፋን በኋላ ከሚታዩት ምልክቶች ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ነው። ቫይረሱ ጠራጊውን ፀጉር ካረገፈ በኋላ በአፍንጫና በጉሮሮ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ የሚወርዱበት መንገድ ክፍት ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። በኅዳር በሽታ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹን የገደለው ይኸው ተከትሎ የመጣ የሳንባ ምች እንደነበረ ኋላ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ ትኩሳት አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለቆ ከተመለሰ፣ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ግራ መጋባት ከታየበት ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳምንት ለሳምንት ማስተያየቱ ይቀራል፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። በሕፃናት ትንፋሽን መቁጠር ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው፦ ሕፃኑ ሳያለቅስ ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያዩ መቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። የጎድን አጥንቱ ሥር ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ቁጥሩ ምንም ይሁን አይዘገይም።

በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ በተመለከተ አንድ ማስታወሻ ይጠቅማል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሰውም ቆላ ካለው ሰው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው ያላቸው ሰዎች ከኢንተርኔት ባገኙት ቁጥር መደንገጥ የለባቸውም፤ ቁጥሩ ከራሳቸው የቀድሞ ልክ መውረዱና ከትንፋሽ ማጠር ጋር መምጣቱ ነው የሚያሳስበው።

ድካሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሳሉ ይልቅ ሰውን የሚያስጨንቀውም እሱ ይመስለኛል፤ ሳል ለሌላ ሰው ይሰማል፣ ድካም ግን አይታይምና «ሰነፈች» ያሰኛል። መምህርቷ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ አስተምራ ቤቷ ስትገባ ልብሷን ሳትቀይር ትተኛ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች አንጎልን «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚያሰኙት ናቸው፤ ውጊያው ካለቀም በኋላ ወዲያው አይረግቡም። አልጋ ላይ በዋለችባቸው ቀናት ጡንቻዋ ቀንሷል። ሌሊት በሳል የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ የጠፋ የምግብ ፍላጎትም ተጨምሮበታል። ጤነኛ ለነበረ ጎልማሳ ይህ ድካም በሁለት ሳምንት ውስጥ በግልጽ መቅለል ጀምሮ በአብዛኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ይለቃል፤ በአረጋውያንና ሌላ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ከዚያ ሊረዝም ይችላል።

ድካሙን የሚያራዝመው ትልቁ ስሕተት አንድ ቀን ሲሻል ሁሉን ሥራ በአንዴ መያዝ ነው። ኅዳር የአጨዳና የውቂያ ወር መሆኑ በገጠሩ ይህን ያባብሰዋል፤ እህል ሜዳ ላይ እያለ ማን ይተኛል? ሰውየው አንድ ቀን ሙሉ ያጭዳል፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ከአልጋ አይነሣም፤ የውቂያው ብናኝ ደግሞ ሳሉን ያድሰዋል። የተሻለው መንገድ ከለመዱት ሥራ ግማሹን ያህል መሥራት፣ ድካሙ ሳይመጣ ቁጭ ማለት፣ ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ሳይብስ ካለፈ ብቻ ጥቂት መጨመር ነው። ሙሉ በሙሉ መተኛትም አይመከርም፤ ጡንቻውን ይበልጥ ያሳሳዋልና። መምህርቷ የምትለካበት አንድ ነገር መረጠች፦ ከመንገዱ እስከ ትምህርት ቤቷ በር ያለችውን ዳገት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቆማ ነበር የምትወጣው፤ በሦስተኛው አንድ ጊዜ፤ በአምስተኛው ሳትቆም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ከሕመም የተነሣች መሆኗን ለንስሐ አባቷ ነግራ እስክትጠናከር ከረፋዱ እንድትበላ ተፈቀደላት፤ ከሽሮና ምስር ጋርም አደንጓሬና ተልባ ጨመረች።

ድካሙ ዳገቱን ሳያቀልለው አራተኛውን ሳምንት ካለፈ ግን «ጉንፋኑ ነው» ማለት መቆም አለበት። ያኔ የሚፈለገው ጉንፋኑ ያጋለጠው ሌላ ነገር ነው፤ የደም ማነስ በተለይ የወር አበባ በሚበዛባቸውና በቅርቡ በወለዱ ሴቶች፣ የስኳር በሽታ ጥማትና ሽንት በበዛባቸው፣ ቲቢና ኤች አይ ቪ በማንኛውም ሰው ላይ ይታያሉ። የደም መጠን፣ የደም ስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አንድ ለየት ያለ ድካም ግን ሳምንታት አይጠበቅለትም፦ ጠፍጣፋ ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥር፣ ሌሊት አፍኖ የሚቀሰቅስ፣ እግር የሚያሳብጥ ወይም ልብን ያለ ሥራ የሚያስመታ ድካም። ኢንፍሉዌንዛ አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፤ ቀድሞ የደከመ ልብንም ሊጥል ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሳልም ስለሚኖረው ከጉንፋን ቀሪ ሳል ጋር ይምታታል፤ የሚለየው ሳሉ በመተኛት ብሶ በመቀመጥ መቅለሉና ከእግር እብጠት ጋር መምጣቱ ነው።

ሳሉ ደግሞ ስምንተኛውን ሳምንት ካለፈ ስሙ ይቀየራል፤ አክታው ቀድሞ ነፃ ቢሆንም ራጅና ሙሉ ምርመራ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ከሚረሱት ምክንያቶች አንዱ በኪስ የሚያዝ ነው፦ ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለወራት የሚቆይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ታማሚው ሳሉን ከጉንፋኑ ጋር ስለሚያያይዘው መድኃኒቱን አይጠረጥርም። መፍትሔው በራስ ማቋረጥ ሳይሆን፣ ግፊቱ ያለ መድኃኒት እንዳይቀር ሐኪሙ በሌላ እንዲቀይረው መጠየቅ ነው። ሌላው አስም ነው፤ ሌሊትና ንጋት ላይ የሚብስ፣ ከሲርሲርታ ጋር የሚመጣ፣ ከየጉንፋኑ በኋላ የሚደጋገም ሳል ያለበት ሰው በየዓመቱ «ብርድ መታኝ» እያለ ያልታከመ አስም ይዞ ሊሆን ይችላል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ተከታትሎ ትንፋሽ እስኪያሳጣ የሚመጣ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጩኸት ያለ ድምፅ ወይም ማስመለስ ያለው ሳል ትክትክን ያመለክታል፤ ለሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ከሚሰጡት ክትባቶች የጎደለ ካለ ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

መምህርቷ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሳሏን የምታስታውሰው ጠዋት ውርጭ ሲነካት ብቻ ነበር። ታኅሣሥ 6፣ ማለትም በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነቃ ካደረች አሥር ቀን ሆኗት ነበር። በዚያ ሰሞን ጋገራውን መልሳ ወሰደች፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ጊዜ ሳለች፣ በሁለተኛው ምንም። ወንድሟ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ጨርሶ በሳምንቱ ተነሥቷል፤ የእሱ ሳል ግን ከእሷ ይልቅ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው የለቀቀው፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ራጅ እንዲነሣ በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ተጽፎለት ስለነበር ያንንም አድርጓል።